ከትንሽ ወደ ትልቅ አስቀምጥ፦ ልጄ ከ6 ሁለት ያገኘበት ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁም። ባለፈው የከፈትኩት ክር 23 መልስ ደርሷል፣ አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉ ደግሞ ከላይ ያለውን ሳያነብ ያንኑ ስለሚጠይቀኝ ከመጀመሪያው ጀምሬ የተባለውን በተራ ልጻፈው ብዬ ነው። ረዘም ይላል፣ ልጅ የምታስጠኑ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት።

የመጀመሪያው ፖስት የኔ ነው። ልጄ ስድስተኛ ክፍል ነው፣ ከትምህርት ቤት ይዞት የመጣው ወርክሺት ላይ ስድስት ቁጥር ተሰጥቶት ከትንሽ ወደ ትልቅ አስቀምጥ ይላል። ቁጥሮቹ እነዚህ ናቸው፦

0.6    5/8    −3/4    0.45    −0.8    −1/2

ልጄ ደግሞ እንዲህ ብሎ ደረደራቸው፦

−0.8    −1/2    −3/4    0.6    0.45    5/8

አስተማሪዋ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ራይት አድርጋ መሃል ያሉትን አራቱን ኤክስ አድርጋ ከ6 ሁለት ሰጥታዋለች፣ ሌላ ምንም የተጻፈ ነገር የለም። ትክክለኛው −0.8፣ −3/4፣ −1/2፣ 0.45፣ 0.6፣ 5/8 እንደሆነ እኔም አስልቼ አረጋግጫለሁ፣ ስለዚህ በእርማቱ ቅሬታ የለኝም። ያልገባኝ አንድ ልጅ ዳርና ዳሩን አግኝቶ መሃሉ እንዴት እንደሚጠፋበት ነው፣ ሁለተኛ ደግሞ ማታ ማታ ሳስጠናው ከየት ልጀምር የሚለው ነው። ይህንን ነው የጠየቅኩት።

1ኛ መልስ የሰጠኝ አንድ ኢንጂነር ነው፣ በጣም በትህትና። ሁሉንም ወደ አስርዮሽ እንድቀይርና ከነጥብ በኋላ ያለው አሃዝ ብዛቱ እኩል እስኪሆን ዜሮ እንድጨምር መከረኝ። 5 ለ8 ሲካፈል 0.625 ነው፣ እንግዲህ 0.6ን 0.600፣ 0.45ን 0.450 ብለን ከጻፍናቸው ልጁ 450ን፣ 600ንና 625ን መደርደር አያቅተውም ነው ነገሩ። ልክ ነው፣ መልሱን ያመጣል። 2ኛዋ እናትም የሷ ልጅ በዚሁ መንገድ በአንድ ማታ እንደገባት ጽፋ ኢንጂነሩን አመሰገነችው።

3ኛው ጥያቄዬን ጭራሽ አላነበበውም መሰለኝ፣ ማርክ ተበደልኩ ያልኩ መስሎት ወረቀቱን ይዤ ዳይሬክተር ጋ እንድሄድ ነገረኝ። 4ኛው እሱን ተከትሎ የዘንድሮ ትምህርት ቤቶች ክፍያ መጨመር እንጂ ማስተማር አያውቁም ብሎ ተቆጣ። ማርኩ ትክክል እንደሆነና የምፈልገው ልጁን መርዳት እንደሆነ መልሼ ብጽፍም ለትንሽ ጊዜ ወሬው ወደ ክፍያ ሄዶ ነበር።

5ኛው ስለ ኔጌቲቮቹ ብቻ ነው ያወራው። ማይነስ ካለበት ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል፣ ትልቅ የሚመስለው ትንሽ ነው፣ ይህችን ብቻ ያዝ በለው አለኝ። ለሁለት ኔጌቲቮች ይሠራል። ልጄ ላይ ስሞክረው ግን ማይነስ ያየበት ቦታ ሁሉ መገልበጥ ጀመረና −0.8ን ከ0.45 በላይ አስቀመጠልኝ፣ አንዱ ማይነስ ሌላው ፕላስ ሲሆን የሚገለበጥ ነገር እንደሌለ ሕጉ አልነገረውማ።

6ኛው መልስ ነው ክሩን የቀየረው። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፣ እዚህ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ልጁን ምንም ከማስተማሬ በፊት ምን አስቦ እንደጻፈው ማወቅ እንዳለብኝ ነገሩኝና የልጄን መልስ እንደ መርማሪ አንድ በአንድ አዩት። 0.6ን ከ0.45 በፊት ያስቀመጠው 6ንና 45ን ስላየ ነው። ይህ ግድየለሽነት አይደለም፣ ልጆች ለዓመታት የተማሯቸው ቁጥሮች ላይ አሃዙ የበዛው ሁልጊዜ ይበልጥ ስለነበር ያንን ልማድ ይዘው ነው ነጥብ ያለበት ቁጥር ጋ የሚደርሱት። አነባበቡም እንደሚጎዳ ጨመሩ፣ ዜሮ ነጥብ አርባ አምስት ብሎ የሚያነብ ልጅ አርባ አምስት የሚባል ትልቅ ነገር ጆሮው ውስጥ ይገባል፣ ነጥብ አራት አምስት ብሎ ካነበበ ግን መጀመሪያ የሚሰማው አራቱን ነው፣ ስድስትን የሚያወዳድረውም ከአራት ጋር ይሆናል።

ቀጥለው ኔጌቲቮቹን አዩ። ልጁ ማይነሱን እንዳላየ አልፎት ቢሆን ኖሮ 1/2፣ 3/4፣ 0.8 ብሎ ነበር መደርደር የነበረበት፣ ምክንያቱም 0.8 ከሦስቱም ይበልጣል። እሱ ግን 0.8ን አስቀደመ። ታዲያ ለምን? ጋሼ የጠረጠሩት ልጁ ክፍልፋዩ መሃል ያለውን ሰረዝ እንደ ነጥብ እንደሚያነበው ነው፣ 1/2ን 1.2፣ 3/4ን 3.4፣ 5/8ን 5.8 አድርጎ ማለት ነው። በዚህ ከሄድን 0.8፣ 1.2፣ 3.4 በተራ ተደርድረዋል፣ 5.8ም መጨረሻ ላይ ተቀምጧል፣ የልጄ መልስ ልቅም ብሎ ይወጣል። እኔ ይህን ሳነብ ደንግጫለሁ፣ ምክንያቱም ራይት የተደረጉት ሁለቱ፣ −0.8 መጀመሪያ 5/8 መጨረሻ፣ የመጡት ከሁሉ ከባሰው ስህተት ነው ማለት ነው።

ግምት እንጂ እርግጠኛ እንዳልሆኑም ተናገሩና ሦስት ነገር እንድጠይቀው አዘዙኝ። ከ0 እስከ 2 የሆነ መስመር ላይ 1/2ን እንዲያስቀምጥ፣ ከ1/4 እና ከ0.9 የቱ እንደሚበልጥ፣ ከ−0.3 እና ከ−0.5 የቱ እንደሚያንስ። በተለይ ሦስተኛው ላይ ቁጥሩን እንዳልቀይር አስጠነቀቁኝ። −0.3ን እና −0.25ን ብጠይቀው ልጁ 25 ከ3 ይበልጣል ብሎ ይሳሳታል፣ ማይነሱንም ይረሳዋል፣ ሁለቱ ስህተት ተጣፍተው −0.3 ያንሳል የሚል ትክክለኛ መልስ ይሰጠኛል፣ እኔም ገብቶታል ብዬ አልፋለሁ። −0.3 እና −0.5 ላይ ግን የሚደበቅበት የለም።

7ኛው ላይ ኢንጂነሩ ተመለሰ፣ አሁን ትህትናው ቀንሷል። ይህ ሁሉ ምርመራ ጊዜ ማጥፋት እንደሆነ፣ ልጅ የሚያስፈልገው ልምምድ እንደሆነ፣ አርባ ጥያቄ በሱ መንገድ ከሠራ እንደሚለቀው ጻፈ። 8ኛዋ አላስቻላትም፣ 5/8ን 5.8 ብሎ የሚያይ ልጅ አርባ ጥያቄ ቢሠራ አርባ ጊዜ ስህተቱን ያጠነክራል እንጂ ምን ይጠቀማል ብላ ጠረበችው። እኔ ሁለቱም ላይ ላይክ አላደረግኩም፣ መጀመሪያ ልጁን ልጠይቀው ብዬ።

9ኛው የኔ ነው፣ ያገኘሁትን ጻፍኩ። 1/2ን ያስቀመጠው ከ1 አለፍ አድርጎ ነው፣ ወደ 1 ጠጋ ብሎ። 1/4 ከ0.9 ይበልጣል አለኝ። −0.3 ያንሳል ምክንያቱም 3 ከ5 ያንሳላ አለኝ። ሦስቱም ጋሼ እንዳሉት። ከዛ ግማሽ እንጀራና አንድ እንጀራ የቱ ይበልጣል ብዬ ስጠይቀው እንደ ሞኝ አየኝ። ልጁ ግማሽን ያውቃታል፣ ወረቀቱ ላይ ያለችው 1/2 ያቺው ግማሽ መሆኗን ነው ያላወቀው። 5/8ን አንብበው ስለው ፋይቭ ኦቨር ኤይት አለኝ። አምስት ስምንተኛ ማለት እኮ ነው ስለው የሆነ ነገር ስምንት ቦታ ተቆርጦ አምስቱ መሆኑ ያኔ ነው ብልጭ ያለለት። እኔም እስከዛሬ ሆምወርክ ሳሠራው በእንግሊዝኛ ነበር የማነበው።

10ኛዋ ግን ነገሩን ሁሉ በእንግሊዝኛ እንዳላሳብብ አረመችኝ። የሷ ልጆች በአማርኛ ነው የሚማሩት፣ እነሱም አምስት ለስምንት እያሉ ነው የሚያነቡት፣ ያው ሁለት ቁጥር ነው የሚሰማቸው እንጂ አንድ መጠን አይደለም። ትክክል ናት፣ ተቀብያለሁ።

11ኛው አንድ አባት ናቸው፣ ጨዋታው ወደ ድሮ ሄደ። ቤተሰቦቻቸው የሲሶ አራሽ ነበሩ፣ እርቦ አራሽ ለባለመሬቱ ከአራት አንድ ሲሰጥ ሲሶ አራሽ ከሦስት አንድ ይሰጣል፣ ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ ሲሶው እንደሚከብድ ለማወቅ የጋራ ታህት አላስፈለገውም ነው ያሉት። እኔ በጣም ወደድኩት፣ 3 ከ4 ቢያንስም 1/3 ከ1/4 እንደሚበልጥ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም። ችግሩ 12ኛውና 13ኛው ወዲያው ስለ 1967ቱ የመሬት አዋጅ መጨቃጨቅ ጀመሩ፣ ክሩ የልጆች ሒሳብ መሆኑን አስታውሼ ለመንኳቸው።

14ኛዋ ሱቅ አላት፣ በገንዘብ አስተምሪው አለች፣ 0.45 ብር 45 ሳንቲም፣ 0.6 ብር 60 ሳንቲም። ጋሼ 15ኛው ላይ ጥሩ መሆኑን ተቀብለው ሁለት ነገር አነሱ። አንደኛ ገንዘብ ሁለት አሃዝ ላይ ያበቃል፣ 5/8 ብር 62 ሳንቲም ተኩል ነው፣ ግማሽ ሳንቲም ደግሞ ማንም አይቶ አያውቅም። ሁለተኛ ልጆች ነጥቡን በብርና በሳንቲም መሃል የቆመ አጥር አድርገው ይወስዱትና 1.5ን አንድ ብር ከአምስት ሳንቲም ይሉታል፣ አንድ ብር ከአምስት ሳንቲም 1.05 ነው እንጂ።

ከዛ ኔጌቲቭ ላይ ረጅም ክርክር ተነሳ። 16ኛዋ ሚኒሶታ ነው የምትኖረው፣ የሷ ልጅ −25 ከ−10 እንደሚብስ ክረምት ላይ ጃኬት ስትለብስ ተምራዋለች፣ ግን አዲስ አበባ ውስጥ ያደገ ልጅ ከዜሮ በታች ምን እንደሚመስል በሰውነቱ አያውቀውም ብላ ራሷ ሐሳቧን አለዘበችው። 17ኛው በዕዳ አስረጂው አለ፣ 800 ብር ዱቤ ያለበትና 500 ብር ዱቤ ያለበት። 18ኛው ሰውዬ ይህ ልጆችን የሚያሳስት ምሳሌ ነው ብሎ ተቆጣ፣ አነጋገሩ ሻካራ ነበር ግን ነጥቡ ትክክል ነው። የቱ ይበልጣል ብለህ ስትጠይቀው ልጁ ትልቁ ዕዳ 800 ነው ይልሃል፣ በአማርኛ ደግሞ አልተሳሳተም፣ ዕዳው ትልቅ ነዋ። ማን ጋ ያለው ገንዘብ ያንሳል ብለህ ካልጠየቅክ ምሳሌው ራሱ ወደ ስህተት ይወስደዋል።

19ኛው እስራኤል ነው የሚኖረው። እዛ የጥብርያዶስ ሐይቅ ከባሕር ወለል በታች 210 ሜትር ገደማ፣ ሙት ባሕር ደግሞ 440 ሜትር ገደማ ነው፣ ልጆቹን በመኪና ወደ ሙት ባሕር ሲወስዳቸው ቁልቁለቱን ያዩታል። የሱ ምክር ትንሽና ትልቅ የሚሉትን ቃላት ለጊዜው ትቼ ዝቅ ያለና ከፍ ያለ እንድል ነው። −440 ከ−210 ያንሳል ሲባል ልጅ ይከራከራል፣ ዝቅ ይላል ሲባል ማንም አይከራከርም። እቤት ሞከርኩት። ሕንጻችን ምድር ቤት ፓርኪንግ አለው፣ ሊፍቱ ላይ −1 እና −2 የሚል አለ፣ ልጄ −2 ከ−1 በታች መሆኑን ከኔ በላይ ያውቃል። −3/4 እና −1/2 ላይ ስንደርስ ግን ሊፍት ፎቅና ፎቅ መሃል አይቆምምና እዛ ላይ ቀረን።

20ኛዋ ልብስ ሰፊ ናት፣ መምህርም ኢንጂነርም አይደለችም፣ ለኔ የሠራልኝ የሷ ነው። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው የወረቀት ጥብጣብ ቆርጠን እኩል እንድናጥፈው፣ ከዛ ደግመን እንድናጥፈው፣ ከዛ ለሦስተኛ ጊዜ እንድናጥፈው ነገረችኝ። ሲዘረጋ ስምንት ቦታ ተከፍሏል። እጥፋቶቹ ላይ 1/8፣ 2/8 እያልን ጻፍን፣ 4/8 ያለበት ግማሽ፣ 6/8 ያለበት 3/4 መሆኑን ራሱ አየው። ከዛ የልብስ ሰፊ ሜትሯን ከጎኑ አስተኛን። 5/8 ያለው እጥፋት 62 ሴንቲሜትር ተኩል ላይ አረፈ። 0.6 ማለት ሜትሩን አስር ቦታ ከፍለህ ስድስቱ ነው፣ 60 ላይ ነው፣ 0.45 አራት አስረኛና የአንድ አስረኛ ግማሽ ነው፣ 45 ላይ ነው። ክፍልፋዩም አስርዮሹም አንድ ጥብጣብ ላይ ሲቀመጡ የቱ ይቀድማል የሚለውን እኔ መናገር አላስፈለገኝም። 5/8ን ያስቀመጠበት ቦታ ከ1 በታች መሆኑን ሲያይ ታዲያ ያኔ ልክ ነበርኩ እንዴ ብሎ ጠየቀኝ፣ ምን እንደምመልስለት ጨነቀኝ።

ለኔጌቲቩም የሷን ጥበብ ተጠቀምን። ሁለት ሜትር ጥብጣብ ወስደን መሃሉ ላይ 0 ጽፈን፣ በቀኝ በኩል 0.5፣ 0.75 እና 0.8ን ምልክት አድርገን፣ ዜሮው ላይ አጠፍነውና በመርፌ ምልክቶቹን ወጋናቸው። ሲዘረጋ ግራ በኩል ሦስት ቀዳዳ ወጣ። 0.8 በቀኝ ሲሆን ከዜሮ ርቆ መጨረሻ የነበረው፣ በግራ ሲሆን እሱው ርቆ መጀመሪያ ሆነ። ከግራ ጫፍ ጀምሮ ጣቱን እየሳበ −0.8፣ −3/4፣ −1/2 ብሎ አነበበልኝ። የ5ኛው ሕግ ችግርም እዚህ ተፈታ፣ ዜሮን አልፎ ወደ ቀኝ ሲሄድ የሚገለበጥ ነገር የለም።

21ኛው ላይ ኢንጂነሩ ፈተና ይዞ መጣ፣ 2/3 እና 0.67ን በጥብጣብሽ አሳዪኝ አለ። ሲሶ ማጠፍ ይቻላል፣ ግን ልዩነታቸው ሜትር ላይ ሦስት ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ ወረቀቱ ትንሽ ከተንሻፈፈ ይጠፋል፣ እውነቱን ነው። ጋሼ በጨዋ ደንብ መለሱለት፣ የሱም መንገድ ልጁ ሁለት አሃዝ ላይ ካጠጋጋው 2/3 ራሱ 0.67 ሆኖ እኩል ናቸው ይላል፣ እዚህ ላይ የሚያዋጣው 0.67ን 67/100 ብሎ አዙሮ ማባዛት ነው፣ 2 ጊዜ 100 ሁለት መቶ፣ 3 ጊዜ 67 ሁለት መቶ አንድ፣ ስለዚህ 2/3 በጥቂቱ ያንሳል። ኢንጂነሩ ሦስት አሃዝ ድረስ ቢሄድ 0.667 ከ0.670 እንደሚለይ ተናገረ፣ ያም እውነት ነው። ማን እንዳሸነፈ አላውቅም፣ መሰዳደቡ ግን ቆመ።

22ኛዋ እያስተማረች ያለች መምህርት ናት፣ ክሩን አንብባ ተከፍታለች። እሷም እንዲህ ቦታ ቦታውን እያየች ነው የምታርመው፣ ክፍል ሙሉ ደብተር ይዛ የእያንዳንዱን ልጅ ሐሳብ ለመመርመር ጊዜ ከየት ታምጣ ነው ያለችው። አንዱ ቁጥር ከቦታው ሲወጣ ሌሎቹን ሁሉ ስለሚገፋ ደካማ እርማት መሆኑን ታውቀዋለች። ጋሼ በጥንድ ብትቆጥሪስ ብለው ሞከሩ፣ ስድስት ቁጥር 15 ጥንድ ይሆናል፣ የልጄ መልስ ላይ የተገለበጡት ሁለት ጥንዶች ብቻ ናቸው፣ −1/2 ከ−3/4፣ 0.6 ከ0.45። ስለዚህ 13 ከ15 ሊያገኝ ነው! እሷም ምንም ያልገባው ልጅ 13 ካገኘ ይህ ደግሞ ከኔ የባሰ አይደለም ወይ አለች። መልስ አላገኘችም፣ እኔም የለኝም። ክፍልፋይ፣ አስርዮሽና ኔጌቲቭ ሦስቱንም አንድ ጥያቄ ላይ መቀላቀሉ ትክክል ነው አይደለም የሚለው ላይም አልተስማሙም፣ እሷ ለየብቻ ይቅደም ባይ ናት፣ ጋሼ ደግሞ ካልተቀላቀሉ የልጄ ዓይነት ስህተት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተደብቆ ይሄዳል ባይ ናቸው።

23ኛው የትናንት ማታው የኔ ነው። አራት ማታ ሠርተናል፣ አዲስ ዝርዝር ሰጠሁት፣ 3/8ን ከ0.4 በፊት አስቀመጠና 37 ተኩል ላይ ነው ብሎ ራሱ አስረዳኝ። −0.3 እና −0.25 ላይ ግን −0.25 ያንሳል አለኝ። መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ያ ጋሼ በፊት ብትጠይቂው ልክ ይመልስልሻል ያሉት ጥንድ እኮ ነው። ኋላ ነው የገባኝ፣ ማይነሱን አሁን አስተካክሎታል፣ 25 ከ3 ይበልጣል የሚለው የድሮው ልማድ ነው ለብቻው የቀረው፣ የሚያጠፋለት ሌላ ስህተት ስለሌለ ብቅ አለ። ነጥብ ሁለት አምስት ብለህ አንብበው አልኩት። አነበበው፣ ትንሽ ዝም አለና ጥብጣቡን አምጪው አለኝ።